ሮቶው ሙሉ፣ አራተኛ ፎቅ ደረቅ

ጥያቄ፦ «ሰላም። ድሬዳዋ ሳቢያን፣ ጂ ፕላስ ፎር ሕንፃ ላይ አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፣ ከኛ በላይ ጣራ ነው። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ቧንቧው ወይ ጭራሽ ይደርቃል ወይ እየተፋ መጣ ሄደ ይላል። ታች ያሉት እንደ ልብ ይታጠባሉ። ማታ እኛም ጋ ደህና ይወርዳል። ጣራ ላይ ያለው ሮቶ ሁሌ ሙሉ ነው ይላል ጥበቃው። አከራያችን ትልቅ ፓምፕ ልግዛ እያሉ ነው፣ እኛንም ሊያዋጡን አስበዋል። ፓምፕ ይፈታዋል?»

መልስ፦ አቦ እህቴ፣ ገንዘቡን ለጊዜው ያዙት። ፓምፑ መሬት ላይ ተተክሎ ውሃ ወደ ሮቶው የሚገፋ ከሆነ ምንም አይፈታላችሁም። ሮቶው ሙሉ ነው ብለሽኛል። ሙሉ ዕቃ ላይ ምን ይጨመርበታል? ውሃው እላያችሁ ላይ ቁጭ ብሏል፣ የጠፋው ወደ እናንተ የሚወርድበት መንገድ ነው።

ግን አንድ ነገር መጀመሪያ ይረጋገጥ። ጥበቃው ሙሉ ነው የሚለው መቼ አይቶ ነው? ብዙ ጊዜ ማታ ፓምፑን ሲያጠፋ ወይም ውሃው ሞልቶ ሲፈስ ያያል፣ ከዚያ እስከ ነገው ማታ «ሙሉ ነው» ይላል። ስለዚህ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሰው ጣራ ላይ ይውጣ፣ ክዳኑን ከፍቶ ውሃው የት እንደደረሰ ይይ። 2 ሰዓት ላይ ደግሞ እንደገና። ሁለቱም ጊዜ ውሃው ከመውጫው ቀዳዳ በደንብ ከፍ ብሎ ካለ ቀጥሎ የምነግርሽ ይሠራል። መሃል ላይ ባዶ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

አሁን ሰዎች የሚገረሙበትን ነገር ልንገርሽ። ውሃ ከጣራ ሲወርድ ለሮቶው የሚቀርበው ፎቅ ነው ደካማው። ሰው «እኛ አጠገቡ ነን፣ ቀድሞ ለኛ ይደርሳል» ይላል። ግፊት ግን የሚመጣው ከቅርበት ሳይሆን ከከፍታ ልዩነት ነው። በናንተ ቤት እናስላው። ከወለላችሁ እስከ ጣራው 3 ሜትር በይ፣ ሮቶው የቆመበት ብረት 1 ሜትር ተኩል፣ ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ 1 ሜትር። ስለዚህ የውሃው ፊት ከወለላችሁ 5 ሜትር ተኩል ከፍ ይላል። የሻወራችሁ ራስ ከወለሉ 2 ሜትር ላይ ከሆነ የሚገፋው 3 ሜትር ተኩል ውሃ ብቻ ነው። በባር ሲነገር 0.35 ባር ገደማ ነው፣ ምክንያቱም 1 ባር ማለት ወደ 10 ሜትር ውሃ ነው። ምድር ቤት ያለችው ጎረቤትሽ ከናንተ 12 ሜትር ዝቅ ትላለች። እሷ ሻወር ላይ 15 ሜትር ተኩል፣ ወደ 1.5 ባር አላት። ሮቶ አንድ፣ ውሃ አንድ፣ ግን የሷ ግፊት ከናንተ ከአራት እጥፍ በላይ ነው።

እንግዲህ ጠዋት የሚሆነውን አስቢ። ሰው ሁሉ ይነሳል፣ ሻወር ይከፈታል፣ ሽንት ቤት ይለቀቃል፣ ኩሽና ይከፈታል። ያ ሁሉ ውሃ ከሮቶው በአንድ ቧንቧ ይወጣል፣ በአንድ ቧንቧ ጣራውን ያቋርጣል፣ እናንተ በር ላይ ደርሶ ለእናንተ ቅርንጫፍ ይሰጥና ወደ ታች ይቀጥላል። ያቺን ከሮቶው እስከ ቅርንጫፋችሁ ያለችውን አጭር ቁራጭ የጋራ መንገድ እንበላት። ውሃ በቧንቧ ሲሄድ ግድግዳው እየያዘው ግፊት ይበላል። የሚሄደው ውሃ እጥፍ ሲሆን የሚበላው ግፊት እጥፍ አይሆንም፣ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ለዚህ ነው ማታ አንድ ሁለት ቤት ብቻ ሲከፍት ችግሩ የማይታየው፣ ጠዋት ግን ባንድ ጊዜ የሚፈነዳው። የጋራዋ መንገድ 4 ሜትር ያህል ግፊት ከበላች እናንተ ሻወር ላይ ምንም አይቀራችሁም። ምድር ቤት ያለችው ግን ከ15 ተኩሉ ላይ 4 ተነስቶላት 11 ሜትር ተኩል ይቀራታል (በመንገድ ላይ ትንሽ ሌላም ይበላል)፣ ልዩነቱን ልብ እንኳ አትለውም። «ታች ያሉት እንደ ልብ ይታጠባሉ» ያልሽው ይኼ ነው። ውሃችሁን እየሰረቁ አይደለም፣ እንዳትጣሉ።

እዚህ ላይ ፍለጋው በጣም ይጠብባል፣ ደስ የሚለውም እሱ ነው። ከናንተ ቅርንጫፍ በታች ያለው ቧንቧ ቢጠብም ባይጠብም ውሃ እናንተን አይከለክልም። የራሳችሁ ቤት ውስጥ ያለው ቧንቧ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ማታም ይቸግራችሁ ነበር። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ፣ ሕንፃው ሲተኛ፣ ሻወሩንና ኩሽናውን አብራችሁ ክፈቱ። ደህና ከወረደ ቤታችሁ ነፃ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ከሮቶው መውጫ እስከ እናንተ መግቢያ ባሉት ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ነው ያለው። ግድግዳ የሚያስቆፍር ነገር እንዳትጀምሩ።

«እየተፋ መጣ ሄደ ይላል» ያልሽው ለኔ ትልቁ ፍንጭ ነው። ይቺን ሞክሪ። ነገ ጠዋት ውሃው ሲጠፋ ሻወሩን ክፈቺና የሻወሩን ራስ አውልቂ። ቧንቧው አፍ ላይ ቁራጭ የሶፍት ወረቀት አስጠጊ። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ተስቦ ከተለጠፈ፣ ወይም የእጅሽን መዳፍ ስታደርጊበት ከሳበሽ፣ ጨዋታው አልቋል፣ ከላይ ጠባብ ነገር አለ። ታች ያሉት የሚስቡት ውሃ ከላይ ከሚገባው ስለሚበልጥ ቧንቧው ከናንተ ቤት አየር ይጠጣል። ታች አንዱ ሲዘጋ ያ አየር ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ይመለሳል፣ ያኔ ይተፋል። ይህን ሳይ ሁሌ የምለው አንድ ነገር አለ፦ በነዚያ ሰዓታት ጎማ ባልዲ ወይም የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነክራችሁ ቧንቧውን ከፍታችሁ እንዳትተዉት። የሚስበው አየር ብቻ አይደለም፣ የሳፋውንም ውሃ ስቦ ጎረቤት ያጠጣል።

ወረቀቱ አለ ወይ የለም ይነግርሻል። ስንት ነው የሚለውን ደግሞ ጎማ ይነግርሻል። አንዳንድ ቧንቧ ሠራተኛ እስከ 10 ባር የሚያነብ የግፊት መለኪያ ይዞ ይመጣል። እዚህ እኛ የምንፈልገው 0.35 ባር ነው፣ እዚያ ላይ መርፌዋ ትንሽ ነቅነቅ ብላ ትቆማለች፣ ምንም አታሳይም። ከሱ ይልቅ ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበትን ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ጎማ 8 ሜትር ግዙ። አንዱን ጫፍ ኩሽና ቧንቧ ላይ በማሰሪያ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ሌላውን ጫፍ በመስኮት አውጥታችሁ ጣራ ላይ ያለ ሰው ይቀበልና ከሮቶው ክዳን ከፍ አድርጎ ብረቱ ላይ ይሰረው። ጫፉ ክፍት ይሁን። ከዚያ ቧንቧውን ክፈቱ። ማታ ሰው ሁሉ ሲተኛ ጎማው ውስጥ ያለው ውሃ ሮቶው ውስጥ ካለው ውሃ እኩል ይቆማል። ያችን ቦታ በማርከር ምልክት አድርጉ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተመልከቱት፦ ውሃው ጎማው ውስጥ ሲወርድ ሲወጣ በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ አንድ ሰው ታች ሽንት ቤት ሲለቅ እንኳ ዝቅ ትላለች። ከማታው ምልክት ስንት ሜትር እንደወረደ ለኩ፣ ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ራሱ ስንት እንደጎደለ እዩና ከዚያ ላይ ቀንሱ። የቀረው የጋራዋ መንገድ የበላችው ግፊት ነው። ስትለኩ የራሳችሁን ሌሎች ቧንቧዎች ዝጉ፣ አለዚያ የቤታችሁን ጉዳይ ትቀላቅላላችሁ። ጣራ ጫፍ ላይ የሚቆመው ሰውም ይጠንቀቅ፣ ልጅ እንዳትልኩ።

ከዚራ አካባቢ እንደናንተ ያለ ሕንፃ ላይ ተጠርቼ ነበር፣ ቁጥሩ እንኳ ከላይ ካሰላሁልሽ ጋር ይቀራረባል። ባለቤቱ ፓምፕ ገዝተው አስገጥመው ሁለት ወር አልፏቸዋል፣ አራተኛ ፎቅ ግን ያው ነው። ጎማውን ሰቀልን። ማታ ከሮቶው ውሃ እኩል ቆመ። ጠዋት 3 ሜትር ከ80 ወረደ። ከወለሉ ሲቆጠር ውሃው 1 ሜትር ከ70 ላይ ነው ማለት ነው። ሻወሩ 2 ሜትር ላይ ስለሆነ 30 ሳንቲ ሜትር ከሱ በታች ቀረ፣ ደረቀ። ኩሽናው 1 ሜትር ላይ ስለሆነ 70 ሳንቲ ሜትር ተረፈው፣ ቀጭን ክር የምታህል ውሃ ይወርድ ነበር። የቤቱ እናት «ኩሽና ትንሽ አለ፣ ሻወር ግን የለም፣ ሻወሩ ተበላሽቶ ይሆን?» ብለው ሦስት ጊዜ የሻወር ራስ ቀይረዋል።

ጣራ ላይ ወጣን። ሮቶው መውጫ ላይ ጌት ቫልቭ አለ፣ ከሱ ቀጥሎ በታፓ የተደፈነ ሌላ መውጫ። ታፓውን ፈታን፣ ሌላውን መስመር ዘጋን፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደቀንን። 70 ሰከንድ ፈጀ። በአንድ ከሩብ ኢንች ቧንቧ፣ ከሮቶ ሥር፣ ከ10 ሰከንድ ማለፍ የለበትም። ባለቤቱ ቫልቩን በእጃቸው አዙረው «ይኸው ሙሉ ክፍት ነው» አሉኝ። እጀታው ልክ ነው፣ መጨረሻው ድረስ ዞሯል። ሮቶውን አራግፈን ቫልቩን ስንፈታው ግን ውስጡ ያለችው የምትወጣ የምትወርደው ሳንቃ ከዘንጓ ተላቃ ወርዳ መንገዱን ከግማሽ በላይ ዘግታ ተቀምጣለች። እጀታው የሚያዞረው ባዶ ዘንግ ነበር። በተረፈው ቀዳዳ ዙሪያ ደግሞ ኖራው በጣት ውፍረት ተጋግሯል፣ በጥፍር ስትነኪው እንደ ደረቅ ጄሶ ይፈረፈራል።

ያ ኖራ ለድሬ ሰው አዲስ አይደለም። ውሃችን ከጉድጓድ ነው የሚመጣው፣ ኖራው ብዙ ነው፣ የውሃ ማፍያሽን ውስጥ ብታዪው እዚያም አለ። ኖራ ደግሞ ውሃ ሲሞቅ ነው የበለጠ የሚጋገረው። ጣራ ላይ በድሬ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚቀቀል ሮቶ፣ እዚያው ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ብረት ቧንቧ፣ ከሰዓት በኋላ ቧንቧ ስትከፍቺ ለገላ የማይቻል ውሃ የሚወርደው በምን ይመስልሻል? ስለዚህ ሕንፃው ውስጥ መጀመሪያ የሚጠብበው ያ ጣራ ላይ ያለው ቁራጭ ነው፣ በክፉ አጋጣሚ ደግሞ እሱ ነው የናንተ ሕይወት። ጥበቱ የሚጎዳውን መጠን አትናቂው። የቧንቧ ስፋት በአንድ ሦስተኛ ሲጠብ፣ ለተመሳሳይ ውሃ የሚበላው ግፊት ሰባት እጥፍ ገደማ ይሆናል። 27 ሚሊ ሜትር የነበረች ባለ አንድ ኢንች ብረት ቧንቧ 18 ደረሰች ማለት፣ ቀድሞ በአንድ ሜትር 15 ሳንቲ ሜትር ግፊት ትበላ የነበረች አሁን አንድ ሜትር ያህል ትበላለች። አራት ሜትር ርዝመት ብቻ ይበቃል እናንተን ለማድረቅ።

እዚያ ቤት ምን አደረግን? ጌት ቫልቩን ጥለን ሙሉ ቀዳዳ ያለው ቦል ቫልቭ አስገባን፣ እጀታው ሩብ ዙር ብቻ የሚዞረውን። እሱ ክፍት ይሁን ዝግ ከሩቅ ይታያል፣ ውስጡም የሚላቀቅ ሳንቃ የለውም። ስትገዙ ውስጡን እዩ፣ ከውጭ ትልቅ ሆኖ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ አለ። ጀሪካኑን ደግመን ሞላነው፣ 9 ሰከንድ። በማግሥቱ ጠዋት ጎማው የወረደው 1 ሜትር ከ20 ብቻ ነው። ሻወሩ ላይ 2 ሜትር ከ30 ግፊት ተረፈ። ይኼ የሆቴል ሻወር አይደለም፣ ግን ሳሙና ያስለቅቃል።

የናንተም ቫልቩ ላይሆን ይችላል፣ አትማዪ። ጀሪካኑ ቶሎ ከሞላና ጎማው ግን ብዙ ከወረደ፣ ጥበቱ ከቫልቩ በኋላ ያለው የጣራው ቧንቧ ወይም ክርኖቹ ላይ ነው። እሱን በኖራ ማሟሟቻ ላጥበው የሚል ይመጣል። እኔ አልመክርም፣ የተፈረፈረው ታች ቆጣሪና ሻወር ውስጥ ገብቶ ሌላ ሥራ ይሆናል። ጥቂት ሜትር ቧንቧ መቀየር ይቀላል። አንድ ሌላ ነገርም ጣራ ላይ ሳለ ይታይ፦ ቧንቧው ከሮቶው ወጥቶ የጣራውን ግንብ ለመሻገር ወደ ላይ ወጣ ብሎ ከዚያ የሚወርድ ከሆነ፣ ያቺ ጉብታ አየር ትይዛለች። ምልክቱ ውሃ ጭራሽ ጠፍቶ በመጣ ቁጥር እናንተ ጋ ለመምጣት ሰዓታት መፍጀቱ ነው። ጉብታዋን ማስቀረት፣ ካልተቻለ እዚያ ላይ ከሮቶው አፍ በላይ የሚደርስ ቀጭን የአየር ማስወጫ ቧንቧ መትከል ነው።

አከራያችሁ ገንዘብ ማውጣታቸው ካልቀረ በዚህ ያውጡት፦ ከሮቶው ሌላ ቀዳዳ አስወጥተው ለአራተኛ ፎቅ ብቻ የራሱ ባለ አንድ ኢንች መስመር ያውርዱ። ያኔ ታች ሠርግ ቢደግሱ እናንተን አይነካም፣ ምክንያቱም የጋራ መንገድ የሚባል ነገር የለም። ሮቶውን ከፍ ላድርገው ካሉ ግን ቆም ይበሉ። አንድ ሜትር ከፍታ የሚጨምረው 0.1 ባር ብቻ ነው፣ ባለ 5 ሺህ ሊትር ሮቶ ሲሞላ ደግሞ 5 ቶን ነው። ያንን ረጅም ብረት ላይ ለመስቀል መሐንዲስ ጣራውን ይይ።

ፓምፕም የራሱ ቦታ አለው። ከሮቶው ሥር ጣራ ላይ የምትቀመጥ፣ ቧንቧ ሲከፈት የምትነሳ ትንሽ ፓምፕ ላይኛውን ፎቅ ትረዳለች። ግን መጀመሪያ ጥበቱ ይነሳ። በተዘጋ ቫልቭ በኩል የምትስብ ፓምፕ አየር ስትጠጣ፣ ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ ስትጮህ ትሰሚያታለሽ፣ ዕድሜዋም አጭር ነው። ከመንገዱ ዋና መስመር በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ ግን ጭራሽ አታስቡት። የጎረቤትን ውሃ ይነጥቃል፣ መሬት ውስጥ የተሰነጠቀ ቧንቧ ካለም ቆሻሻውን ስቦ ለናንተው ያመጣል።

አሁን ወደ ተውኩት። ጠዋት ወጥታችሁ ሮቶው ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት፣ እስካሁን ያወራሁት አይመለከታችሁም። ያኔ ጥያቄው ምን ያህል ገባ፣ ምን ያህል ወጣ ነው። አሥር ቤት፣ በየቤቱ አምስት ሰው፣ ለአንድ ሰው በቀን 60 ሊትር ብትይ 3 ሺህ ሊትር ነው። ውሃ በፈረቃ በሦስት ቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ 9 ሺህ ሊትር የሚይዝ ያስፈልጋል፣ ባለ 5 ሺህ ሮቶ በሁለተኛው ቀን ያልቃል። ማከማቻው ይበቃል ካላችሁ ደግሞ መሙያውን እዩ። ውሃ ሲሞላ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ክንዱ በኖራ ተይዞ ግማሽ ላይ ይቆማል፣ በእጅ ወደ ታች ስትጫኑት ውሃው በኃይል መግባት ከጀመረ እሱ ነው። አንድ ምልክት ደግሞ አለ፦ ባዶ ሮቶ ሲሆን ታች ያሉትም አብረው ይደርቃሉ። ያንቺ ጎረቤቶች ስለማይደርቁ ነው እኔ ወደ ቫልቩ ያደላሁት።

ጎማውን ሰቅላችሁ የማታውንና የጠዋቱን ልዩነት ከለካችሁ በኋላ በሜትር ጻፊልኝ፣ ጀሪካኑ በስንት ሰከንድ እንደሞላም ጨምሪበት። የቫልቩንና የጣራውን ቧንቧ ፎቶ ከላክሽልኝ ደግሞ ለሠራተኛው ምን ዕቃ እንደሚያስፈልግ በዝርዝር እነግርሻለሁ።